የመጀመሪያ ተራ ነው፣ በእጄ A E I K N R T አለ፦ ትልቁ ነጥብ የቱ ነው?

ጦሳ_ሥር
ሰላም ጀመዓ! ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ አራት ጓደኛሞች ነን። ቡናው ይመጣል፣ ስክራብሉ ይዘረጋል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ጭቅጭቅ ገና ስላላለቀ እዚህ አመጣሁት። ጨዋታውን የምጀምረው እኔ ነበርኩ። ሰሌዳው ባዶ ነው። ከከረጢቱ የወጡልኝ ሰባቱ ፊደላት A E I K N R T ናቸው። TANKER አልኩና ባለኮከቡን የመሃል ካሬ አስነክቼ ደረደርኩት፤ 22 ነጥብ ተጻፈልኝ። እኔ ደስ ብሎኛል፣ ስድስት ፊደል በአንዴ ማውጣት ቀላል አይደለም። አንዱ ጓደኛዬ ግን "በዚህ እጅ 22 ማግኘት ማባከን ነው" ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ፤ እሺ አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር ስለው መልስ የለውም። እናንተ ምን ትሉ ነበር? መጀመሪያ የምታዩትስ ምኑን ነው፣ የቃሉን ርዝመት ነው ወይስ የፊደሎቹን ዋጋ?

ኮምቦልቻዊው
አብሽር ወንድሜ፣ ጓደኛህ እውነቱን ነው። መልሱ INTAKE ነው፣ 30 ነጥብ። እሱም ስድስት ፊደል ነው፣ ያንተም ስድስት ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ትልቅ ፊደል K ብቻ ነው፣ 5 ነጥብ። ሌሎቹ ሁሉ ባለ አንድ ናቸው። ልዩነቱ K የት አረፈ ነው። I ኮከቡ ላይ ይጀምር፣ ወደ ቀኝ ስትቆጥር K ሰማያዊዋ ካሬ ላይ ትወድቃለች። እዚያ ላይ 5ቱ 10 ይሆናል፤ ከሌሎቹ አምስት ጋር 15፣ ኮከቡ ቃሉን በሁለት ያባዛልና 30።

የኔ ሕግ አንድ ነው፤ ትልቅ ፊደል ከያዝክ እሱን ቶሎ ሽጠው። Q ይሁን Z ይሁን K ይሁን እጅ ላይ አያድርም። ቃሉን በትልቁ ፊደል ዙሪያ ሥራ፣ ሌላው ትርፍ ነው።

ጦሳ_ሥር
ቆይ፣ TANKER ላይም K ን ሰማያዊዋ ላይ ማሳረፍ አልችልም ነበር? ዝም ብዬ ወደ ጎን ሳብ ባደርገውስ?

ኮምቦልቻዊው
ሞክረው፣ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ግን ማስረዳት አልችልም፣ እኔ በዓይን ነው የማየው።

አያ_ሰሌዳ
ልጆች፣ ላስረዳችሁ። በመጀመሪያው ተራ ቃላችሁ ኮከቡን የግድ መንካት አለበት። ከኮከቡ ወደ ግራ አራተኛዋ ካሬ ሰማያዊ ናት፣ ወደ ቀኝ አራተኛዋም እንደዚያው። ስለዚህ ትልቁ ፊደል ሰማያዊዋ ላይ እንዲያርፍና ቃሉ ኮከቡን እንዲነካ ከፈለጋችሁ ከዚያ ፊደል በፊት ወይም ከእሱ በኋላ ቢያንስ አራት ፊደል መኖር አለበት። ሌላ ሚስጥር የለውም።

አሁን TANKERን እዩት። ከ K በፊት ሦስት ፊደል አለ፣ ከኋላዋ ሁለት። በየትኛውም በኩል አራት አይሞላም፤ ወደ ግራም ሳበው ወደ ቀኝ ሰማያዊዋ ላይ የምታርፈው ባለ አንድ ነጥብ ፊደል ናት። ከዚህ ቃል የሚወጣው ከፍተኛው ነጥብ 22 ነው፣ ያንን ደግሞ ወስደሃል። INTAKE ላይ ከ K በፊት I N T A አሉ፣ አራት ሞሉ። KRAIT የሚባለው የእባብ ስም ደግሞ K ን ከፊት አስቀምጦ ከኋላዋ አራት ያሰልፋል፣ እሱ 28 ይመጣል። ባለ አምስት ፊደሉ ቃል ባለ ስድስቱን TANKER በስድስት ነጥብ በለጠው ማለት ነው። ርዝመት ብቻውን አያበላም።

ግን ኮምቦልቻዊው፣ "መልሱ" ያልከው መልሱ አይደለም። ከ INTAKE በኋላ በእጅህ ምን ቀረ? R ብቻ። ሰባተኛዋ ፊደል እዚያ ተቀምጣ እያየችህ ነው። ሰባቱን ሁሉ የሚያስወጣ ቃል አለ ብዬ እገምታለሁ፣ መዝገበ ቃላት አይደለሁምና እስኪ እናንተ ፈልጉት።

ሰኞ_ገበያ
እኔም ስለ ሰባት ፊደል ልጠይቅ። ለልጆቼ ከካርቶን የአማርኛ ፊደል ቆርጬ ሠርቼላቸዋለሁ፣ በየተራ ሰባት ሰባት እንሰጣቸዋለን። ችግሩ ምንም ቃል አይወጣላቸውም። አንዷ ልጄ ጯ፣ ፔ፣ ኙ፣ ዦ፣ ሒ ይዛ ታለቅሳለች። ለጯ ስንት ነጥብ ልስጥ?

ኮምቦልቻዊው
😂😂 እህቴ ጯ የያዘ ሰው ካሳ ነው የሚሰጠው።

አያ_ሰሌዳ
እህቴ፣ ያንቺ ነገር ሌላ ጨዋታ ነው፤ ግን ስንፍና አይደለም፣ ጥሩ ጅምር ነው። ችግሩ ከነጥቡ በፊት ነው። እንግሊዝኛው 26 ፊደል ይዞ 100 ቁራጭ አለው፤ በዚያ ላይ E ብቻዋን 12 ጊዜ አለች፣ Q አንድ ጊዜ። ማለትም የሚደጋገመው በብዛት ገብቷል። አንቺ ሁሉንም ፊደል ከነእርባታው አንድ አንድ ጊዜ ከቆረጥሽ ከ200 በላይ የተለያየ ቁራጭ ይሆናል፣ ልጁ ሰባት ሲያነሣ የሚገጣጠም ነገር ማግኘቱ ተአምር ነው። ሳድሱን አብዢው፦ ት፣ ን፣ ም፣ ል፣ ር፣ ስ። እንደ ጯ ያሉትን አውጪያቸው። ወይም ልጆቹ በአንዱ ቁራጭ ላይ የፈለጉትን እርባታ እንዲያነቡ ፍቀጂላቸው፣ "መ" የያዘ ልጅ "ሙ"ም "ማ"ም ብሎ ይጠቀምባት። ነጥቡን ከዚያ በኋላ ታስቢበታለሽ።

ሰኞ_ገበያ
ይሄ ሁለተኛው ሐሳብ ገላገለኝ። አላህ ይስጥልኝ አያ።

የባዮሎጂ_ቲቸር
ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር ስለ ቆዳ፣ ጥፍርና ፀጉር እደርሳለሁ። ጥያቄውን እንዳየሁ ዓይኔ ላይ የመጣው እሱ ነው። KERATIN፣ በእነሱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን። ፊደሎቹን ቆጠርኩ፣ K E R A T I N፣ ሰባቱም አሉ፣ የተረፈ የለም። ጨዋታውን ብዙም አልችለውም፣ ይሄ ይቆጠራል?

አያ_ሰሌዳ
ቲቸር፣ ይቆጠራል ብቻ! አስልተን እንየው። ከ K በኋላ ስድስት ፊደል ስላለ በግራ ያለችው ሰማያዊ ካሬ ላይ K ን እናስቀምጣለን። E R A ይከተላሉ፣ T ኮከቡ ላይ ትወጣለች፣ I እና N ከኮከቡ አልፈው ይቀመጣሉ። K 10 ሆነች፣ ሌሎቹ ስድስት፣ ድምሩ 16፤ በኮከቡ ሲባዛ 32። ሰባቱንም በአንድ ተራ ላወጣ ደግሞ 50 ይመረቅለታል። 82።

ቦታው ይታያችሁ። ያንኑ ቃል አንድ ካሬ ወደ ቀኝ ብታንሸራትቱት ሰማያዊ ካሬ የሚነካ ፊደል ስለማይኖር 72 ብቻ ነው። አሥር ነጥብ በአንድ ካሬ።

ጦሳ_ሥር
82!! እኔ 22 አግኝቼ ነበር እኮ ስኩራራ የነበረው። ጓደኛዬ ይህን እንዳያይ።

የጓደኛው_ጓደኛ
አየሁት። ስክሪንሹት ተይዟል።

ኮምቦልቻዊው
እሺ ተቀበልኩ። ግን ይሄ ዕድል ነው፣ ቲቸር ባዮሎጂ ባታስተምር ማን ያገኘው ነበር? ስልክ ላይ ሰባት ፊደል አስገብተህ ቃሉን የሚያወጣልህ አፕ አለ፤ ካፌ ውስጥ ግን ያንን ከከፈትክ ቡናውን በላይህ ላይ ነው የሚደፉብህ። ያለ አፕ እንዴት ነው የሚፈለገው?

አያ_ሰሌዳ
አፕ ከጨዋታ በኋላ ነው፤ ምን አለፈኝ ለማለት ጥሩ ነው። በጨዋታው መሃል ግን እጅህን ተጠቀም። ፊደሎቹን ከከረጢት በወጡበት ቅደም ተከተል አትተዋቸው፣ ዓይን ከለመደው አሰላለፍ አይላቀቅም። እኔ መጀመሪያ ጫፍ የሚሆነውን ወደ ቀኝ እለያለሁ። ER ካለ ER፣ ING ካለ ING፣ ED ወይም EST። ከዚያ የቀሩትን አምስት ወይም አራት ፊደላት ብቻቸውን አገላብጣለሁ። ሰባት ፊደል ማገላበጥ ጭንቅላት ይበጠብጣል፣ አራት ፊደል ግን ማንም ይችላል።

በዚህ እጅ ER ን ወደ ቀኝ ብታወጣ A I K N T ይቀራሉ፤ ለእኔ ምንም አልመጣልኝም። RE ን ወደ ግራ ብታወጣም ያው። IN ን ቀኝ ላይ ብታስቀምጥ A E K R T ይቀሩሃል፣ እዚያ ላይ KERAT የምትለዋ ለቲቸር ወዲያው ትታያለች፣ ለሌላው ላትታይ ትችላለች። ዘዴው ወደ በሩ ያደርስሃል፣ ቃሉን ግን ማወቅ አለብህ። እዚያ ላይ ዘዴ የለም።

ሐረጎ_ንፋስ
ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ፣ ፈተና ላይ ብሆንም ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከ K ውጪ ያሉትን ስድስቱን እዩ፦ A E I N R T። በእነሱ ላይ አንድ ፊደል እየጨመርኩ ሰባት ፊደል ያለው ቃል ይወጣል ወይ ብዬ ሞከርኩ። S ሲጨመር NASTIER። D ሲጨመር TRAINED። G ሲጨመር GRANITE። C ሲጨመር CERTAIN። P PAINTER፣ F FAINTER፣ H HAIRNET፣ W TAWNIER፣ U URINATE፣ L RELIANT። M ሲጨመር ደግሞ MINARET፣ ደሴ ውስጥ በየአቅጣጫው ቀና ብለህ የምታየው። እዚያው ያሉት ፊደሎች ሲደገሙም ይሠራል፤ ሁለተኛ E TRAINEE፣ ሁለተኛ I INERTIA፣ ሁለተኛ N ENTRAIN፣ ሁለተኛ R TERRAIN፣ ሁለተኛ T NITRATE።

ከዚያ ቆጠርኩ። ሰባቱ እጅህ ላይ ከሆኑ የማታያቸው 93 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የሚሠሩልህን ስደምር፣ ሁለቱን ባዶ ቁራጮች ጨምሮ፣ ቢያንስ 67 መጣልኝ። የማይሠሩት A፣ O፣ B፣ V፣ Y፣ እና J Q X Z ናቸው፣ እኔ ያላወቅኩት ቃል ከሌለ በቀር። 67 ለ93 ማለት ከመቶ 72 ገደማ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ KERATIN ያልታየው ሰው INTAKE ከሚል ይልቅ K ን ብቻ ወደ ከረጢቱ መልሶ ሌላ ፊደል ቢያነሣ አይሻለውም?

ኮምቦልቻዊው
ዜሮ ነጥብ ልትጽፍ? ወላሂ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው ያዞረህ። 30 ነጥብ መሬት ላይ ወድቆ እያየህ ጥለህ ታልፋለህ?

አያ_ሰሌዳ
አትሳቅበት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን K ላይ መልሱ ቀላል ነው፤ K ከስድስቱ ጋር እንደምትሠራ አሁን ሁላችንም አወቅን፣ ስለዚህ አንተ ከቆጠርካቸው ጥሩ ፊደሎች አንዷን ነው የምትመልሰው። ሳታውቅ ብትመልሳት ደግሞ ካለማወቅ ነው። ጥያቄህን በደንብ የሚፈትነው K ን በ V ቀይረን ብናየው ነው። እጅህ A E I N R T V ቢሆን፣ አንተም V አትሠራም ብለሃል። INVERT ወይም TAVERN ብትል ነጥቡ 20 ነው፤ V በሁለቱም ሦስተኛ ፊደል ስለሆነች ከፊቷም ከኋላዋም አራት አይሞላላትም፣ ሰማያዊዋን አታገኝም። አሁን ምን ትላለህ?

ሐረጎ_ንፋስ
እመልሳለሁ! በግምት ላስላ። INVERT ብዬ 20 ወሰድኩ፣ በቀጣዩ ተራ አማካይ እጅ መጥቶልኝ 25 አገኘሁ እንበል፣ ሁለቱ ተራ 45። V ን ብመልስ አሁን ዜሮ፤ በቀጣዩ ከመቶ 72 ዕድል ሰባቱን አወጣለሁ፣ 70 እንበለው፣ እሱ 50 ገደማ ይሆናል። በቀረው 28 ደግሞ 20 ነጥብ አገኛለሁ ብንል ወደ 6 ይጨመራል። 56። በ11 ይበልጣል።

አያ_ሰሌዳ
ስሌቱ ደህና ነው፣ አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። አንተ ስትመልስ ባላጋራህ ይጀምራል። ኮከቡ የእሱ ሆነ። ከዚያ ያንተ ሰባት ፊደል ያለው ቃል ሰሌዳው ላይ ካለው ከእሱ ቃል ጋር መገናኘት አለበት፤ ዝም ብሎ አየር ላይ አይቀመጥም። አንድ ቃል ብቻ ባለበት ሰሌዳ ላይ ሰባት ፊደል ማገጣጠም የምትችለው የሱ ቃል ጫፉ ላይ S ወይም ሌላ ፊደል የሚቀበል ከሆነ፣ ወይም ጎን ለጎን አስጠግተህ ሁለት ሁለት ፊደል ያላቸው ትክክለኛ ቃላት የሚፈጠሩ ከሆነ፣ ወይም ከእሱ አንዱን ፊደል ተጠቅመህ ስምንት ፊደል ያለው ቃል ከሠራህ ነው። ብልጥ ተጫዋች ስትመልስ ካየህ እጅህ ጥሩ ነው ብሎ ይጠረጥራል፣ ሆን ብሎ የማይቀጠል ቃል ይዘጋብሃል።

ከአራቱ አንዱ ጊዜ ቃልህ ቦታ አጣ እንበል። 50ው ወደ 38 ይወርዳል፣ ቦታ ያጣህበት ጊዜ ደግሞ እንደገና 20 ይሰጥሃል እንበል፣ ሁሉም ተደምሮ 47 አካባቢ ነው። 45 እና 47። ይሄ እኩል ነው።

ሐረጎ_ንፋስ
ከአራቱ አንዱ የሚለውን ከየት አመጡት ግን አያ?

አያ_ሰሌዳ
አንተ 25 እና 70ን ካመጣህበት።

ኮምቦልቻዊው
😂😂😂

የባዮሎጂ_ቲቸር
ልጠይቅ፣ ሁለት ሁለት ፊደል ያላቸው ቃላት ስትሉ ብዙ ናቸው?

አያ_ሰሌዳ
ከመቶ በላይ ናቸው ቲቸር፣ ሁሉንም መሸምደድ ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን QI እና ZA ይበቃሉ፣ ትልልቆቹን ፊደሎች ያስወጣሉ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው መዝገበ ቃላት እንደሚዳኝ ተስማሙ። ሰሜን አሜሪካ ያሉ ተጫዋቾች የራሳቸው የቃላት ዝርዝር አላቸው፣ ሌላው ዓለም በአብዛኛው ኮሊንስን ይጠቀማል፣ የኮሊንሱ ሰፊ ነው። ካፌ ውስጥ ማንም የሳይንስ ቃል ሲያይ "ይሄ ቃል አይደለም" ይላል። KERATIN በሁለቱም አለ። ግን መዝገበ ቃላቱ ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ድምፁ የጎላው ያሸንፋል።

የጓደኛው_ጓደኛ
የኛ ካፌ የዳኝነት ሥርዓት እሱ ነው በትክክል።

ጦሳ_ሥር
ለቅዳሜው ጨዋታ መዝገበ ቃላት ይዤ እመጣለሁ። ግን አያ፣ ሁለታችሁም አልመለሳችሁልኝም። V ስትመጣብኝ ላስቀምጥ ወይስ ልመልስ?

ኮምቦልቻዊው
ሽጠው ብዬሃለሁ። 20 ነጥብ በእጅ ነው።

ሐረጎ_ንፋስ
መልስ። የምትመልሰው V ን ብቻ እንደሆነ ግን አትርሳ፣ ሰው ደንግጦ ሦስት አራት ፊደል ይጥላል፣ ያኔ 72ቱም አብሮ ይጠፋል።

አያ_ሰሌዳ
እኔ ባላጋራዬን አይቼ ነው። አዲስ ተጫዋች ከሆነ ረጅም ቃል ይደረድርልኛል፣ ቦታ አላጣም፣ እመልሳለሁ። ያ የሚስቅብህ ጓደኛህ ከሆነ TAVERNን ትቼ INVERTን አስቀምጣለሁ። ሁለቱም 20 ናቸው፣ ከ INVERT በኋላ ግን እጄ ላይ የምትቀረው A ናት፣ ከ TAVERN በኋላ I ናት። እኔ A ን እመርጣለሁ።

ሐረጎ_ንፋስ
ለምን A? I ደግሞ ING ላይ ትገባ የለ እንዴ?

አያ_ሰሌዳ
ING ለመሥራት N እና G ገና መውጣት አለባቸው፣ G ደግሞ በከረጢቱ ሦስት ብቻ ናት። ሁለተኛ I ከመጣብህ እጅህ ይታሰራል፣ ሁለት A ግን ያን ያህል አይከብድም። ፈተናህን ጨርስና ደሴ ውጣ፣ ሰሌዳው ላይ እናየዋለን።